አልኮልና የሲጋራ ጭስ በጽንስ ላይ፦ በ8ኛው ሳምንት ማቆም ምን ይለውጣል?

«ሰላም ዶክተር። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ 26 ዓመቴ ነው፤ የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው። የመጨረሻ የወር አበባዬ የጀመረው ታኅሣሥ 20 ነበር፤ ማርገዜን ያወቅሁት ግን የካቲት 12 ቀን ነው። ሳላውቅ ጥር 13 ቀን ሰርግ ላይ ሁለት ቢራ፣ የካቲት 1 ቀን ደግሞ ጓደኛዬ ቤት ሦስት ቢራና ሁለት መለኪያ አረቄ ጠጥቻለሁ። በሳምንት አንድ ሁለት ቀንም ሦስት አራት ሲጋራ አጨስ ነበር። ካወቅሁ ወዲህ ሁሉንም ትቻለሁ። ባለቤቴ ግን በቀን ዐሥር ያህል ያጨሳል። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ አሁን በር ላይ ቆሞ ነው የሚያጨሰው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጓደኞቹ ጫት ሲቅሙ ግን ቤት ውስጥ ይጨሳል፤ አንዳንዴ ሺሻም አለ። ልጄ ተጎድቷል? ማስወረድ አለብኝ? አሁን ማቆሜስ ዋጋ አለው? ዛሬ የካቲት 25 ነው።»

ማስወረድን በተመለከተ ያነሡትን አስቀድሜ ልመልስ፤ ሌላው ሁሉ በተረጋጋ ልብ የሚነበበው ይህ ሲመለስ ነውና። የጠቀሱት የመጠጥና የሲጋራ መጠን ብቻውን እርግዝናን ለማቋረጥ የሚያበቃ የሕክምና ምክንያት አይደለም። ማርገዛቸውን ሳያውቁ ጠጥተው ወይም አጭሰው ከዚያ በኋላ ጤናማ ልጅ የወለዱ እናቶች እጅግ ብዙ ናቸው። ይህን ስል ያለፈው ነገር ምንም አይደለም ማለቴ አይደለም፤ በተለይ የካቲት 1 ቀን የጠጡት መጠን በቀላሉ የሚታለፍ ስላልሆነ ከዚህ በታች በዝርዝር እመለስበታለሁ። ነገር ግን አሁን ባሉበት ሳምንት ከኋላዎ ካለው ይልቅ ከፊትዎ ያለው ይበዛል፤ ከፊትዎ ካለው ውስጥ ደግሞ አሁንም ያልተዘጋው ትልቁ በር የባለቤትዎ ሲጋራ ነው።

ቀኖቹን በትክክል መጻፍዎ ሥራዬን አቅልሎልኛል፤ ጉዳቱ በምን ሊሆን እንደሚችል የሚወሰነው መጠጡ ወይም ጭሱ በደረሰበት ሳምንት ጽንሱ ምን እየሠራ ነበር በሚለው ነውና። እርግዝና የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ስለሆነ ዛሬ 65ኛ ቀንዎ ነው፤ ይኸውም 9 ሳምንት ከ2 ቀን ማለት ነው። ፅንሰቱ ራሱ የሚሆነው የወር አበባ ከጀመረ ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ በመሆኑ የጽንሱ ትክክለኛ ዕድሜ ከዚህ በሁለት ሳምንት ያንሳል። በዚህ ስሌት የሰርጉ ዕለት 23ኛ ቀን ነበር፤ የተፀነሰው ነገር ከማሕፀንዎ ግድግዳ ጋር ገና በመጣበቅ ላይ ያለበት ጊዜ ነው። የካቲት 1 ቀን ግን 41ኛ ቀን ነበር፤ ጽንሱ ከስንዴ ፍሬ ባይበልጥም ልቡ መምታት ጀምሯል፣ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦም እየተዘጋ ነበር። የወር አበባዎ የሚመጣበት ቀን ሁልጊዜ እኩል ካልሆነ ይህ ስሌት በጥቂት ቀናት ሊዛባ ስለሚችል፣ እስከ መጋቢት 14 ማለትም 12 ሳምንት ሳይሞላዎት አልትራሳውንድ ቢታዩ ዕድሜውን በአስተማማኝ ሁኔታ ማወቅ ይቻላል።

አሁን ወደ አልኮሉ ልምጣ። ብዙ ሰው እንግዴ ልጅን መርዝ የሚያጣራ ወንፊት አድርጎ ያስባል፤ አልኮልን ግን አያጣራም። እናት ስትጠጣ አልኮሉ በእትብት በኩል ወደ ጽንሱ ይገባል፤ በጽንሱ ደም ውስጥ የሚኖረው መጠንም ብዙም ሳይቆይ በእናቱ ደም ውስጥ ካለው ጋር ይቀራረባል። የእናት ጉበት አልኮልን ቀስ በቀስ ይሰባብረዋል፤ የጽንሱ ጉበት ግን ይህን የሚሠሩት ኢንዛይሞች ገና ስላልጠነከሩ እናቱ እስክታጸዳለት መጠበቅ አለበት። እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ ደግሞ ጽንሱ በሽንቱ ወደ ሽርት ውሃው ያስወጣውን አልኮል መልሶ ስለሚውጠው፣ እናቲቱ ስካሯ ከለቀቃት በኋላም እርሱ የሚቀምሰው ይኖራል።

መጠኑን በግራም ብናሰላው ሁለቱ ቀናት ምን ያህል እንደሚለያዩ በግልጽ ይታያል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው፤ ስለዚህ ጥር 13 ቀን የጠጡት 26 ግራም ገደማ ነው። አረቄ እንደ አወጣጡ ቢለያይም 45 በመቶ ብንለው 40 ሚሊ ሊትር የምትይዝ መለኪያ 14 ግራም ትሆናለች፤ መለኪያዋ ትንሽ ስለሆነች መጠጡ ትንሽ ይመስላል እንጂ ከአንድ ቢራ አታንስም። የካቲት 1 ቀን እንግዲህ 39 ከቢራው፣ 28 ከአረቄው፣ በድምሩ 67 ግራም ጠጥተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ጊዜ 60 ግራምና ከዚያ በላይ መጠጣትን ከባድ አጠጣጥ ይለዋል። የሰው ጉበት በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ብቻ ስለሚያስወግድ፣ ማታ የጠጡት ከሰውነትዎ ለመውጣት ከሰባት እስከ ዐሥር ሰዓት ገደማ ወስዶበታል፤ ጽንሱም በዚያ ሁሉ ጊዜ በአልኮል ውስጥ አድሯል።

ጥር 13 ቀንን በተመለከተ ብዙም አልሰጋም። በዚያ ሳምንት ጽንሱ ገና አካል መሥራት አልጀመረም፤ በዚያን ጊዜ የሚደርስ ከባድ ጉዳት ብዙውን ጊዜ እርግዝናው እንዳይቀጥል ያደርገዋል፣ ከቀጠለ ደግሞ ያልተለዩት ሴሎች የጎደለውን ተክተው የመቀጠል ዕድል አላቸው። የእርስዎ እርግዝና ቀጥሏል። የካቲት 1 ቀን ግን የተለየ ነው። ከ5ኛው እስከ 10ኛው ሳምንት ድረስ ልብ፣ ፊት፣ እጅና እግር፣ የአንጎል መሠረት ሁሉም የሚዘረጋበት ጊዜ ስለሆነ፣ በዚህ ውስጥ የወደቀ አንድ ከባድ ምሽት ምንም አላደረሰም ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር ሐኪም ካለ ከሚያውቀው በላይ ተናግሯል። በሌላ በኩል፣ ከመጠጥ የሚመጣው የታወቀው የሕፃናት ጉዳት፣ ማለትም ዐይኖቹ አጫጭር ስንጥቅ ያላቸው፣ ከአፍንጫ ሥር እስከ ከንፈር ያለው ጎድጓዳ መሥመር የጠፋበት፣ የላይኛው ከንፈሩ የሳሳ፣ በዕድገቱና በአእምሮው የዘገየ ልጅ የሚታየው በአብዛኛው በተደጋጋሚና በብዛት ይጠጡ በነበሩ እናቶች ልጆች ላይ ነው። ስለዚህ ፍርዴን ልንገርዎት፦ ከዚያ አንድ ምሽት የተነሣ ልጅዎ ይህን ጉዳት ይዞ የመወለድ ዕድሉ ዝቅተኛ ነው፤ ባዶ ነው ግን አልልም።

ይህ የጉዳት ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ የተባሉ ሐኪሞች ስም እስኪሰጡት ድረስ በብዙ አገር ሐኪሞች ዘንድ እንኳ በቅጡ አይታወቅም ነበር፤ እንዲያውም በዚያ ዘመን ያለ ጊዜው የመጣ ምጥን ለማቆም ለእናቶች አልኮል በደም ሥር ይሰጥ ነበር። ይህን የማነሣው እናትዎ ወይም አማትዎ «እኛም ጠጥተን ወልደናል» ቢሉዎት አለማወቃቸው እንዳያስገርምዎት ነው። የነርሱን አነጋገር የሚያጠናክር ሌላም ነገር አለ፤ ከአልኮል ጉዳት የሚበዛው በፊት ላይ የማይታየው ነው። ልጁ መልኩ ምንም ሳይሆን ትምህርት ሲጀምር ትኩረት ያጣል፣ ትናንት የተማረውን ዛሬ ይረሳል፣ ሒሳብ ይከብደዋል፣ ቁጣውን መግታት ያቅተዋል፤ ያኔ ሰው ሁሉ ልጁ ሰነፍ ነው ወይም ባለጌ ነው ይላል እንጂ ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት ከተጠጣ መጠጥ ጋር የሚያያይዘው የለም።

አልኮልን ማቆም ምን ያተርፋል የሚለው መልስም ከዚህ ይመነጫል። አልኮል ያደረሰው ጉዳት ካለ በማቆም ወደ ኋላ አይመለስም፤ ማቆም የሚያደርገው ተጨማሪ እንዳይደርስ ማገድ ነው። ነገር ግን አንጎል በሦስት ወር ተሠርቶ የሚያልቅ አካል አይደለም። ሴሎቹ የሚባዙት፣ ወደየቦታቸው የሚጓዙትና እርስ በርስ የሚገናኙት እስከ መውለጃው ቀን ነው፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ በክብደትም በውስጣዊ አሠራርም በፍጥነት ያድጋል። የመውለጃ ቀንዎ በስሌት መስከረም 25 ገደማ ነው። ከአሁን እስከዚያ ያለውን ሰባት ወር ያለ አንዲት ጠብታ ካሳለፉ የልጅዎ አንጎል አብዛኛውን ዕድገቱን ከአልኮል ነጻ ሆኖ ያካሂዳል ማለት ነው። ለጽንስ ጉዳት የለውም ተብሎ የተረጋገጠ የአልኮል መጠን የለም፤ ስለዚህ «ለደም ይሆናል» ተብሎ የሚሰጥ አንድ ብርጭቆ ጠጅም ሆነ ለበዓል የሚቀዳ ጠላ በዚህ ክልከላ ውስጥ ይገባል። 4 በመቶ አልኮል ያለው ግማሽ ሊትር ጠላ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ይበልጣል፤ ጠላ በየቤቱ ስለሚለያይም ጠጪው መጠኑን ማወቅ አይችልም። በእኛ አካባቢ ቀሪቦን እንደ ለስላሳ የሚቆጥሩት ብዙዎች ናቸው፤ አዲስ ሲሆን አልኮሉ በጣም ጥቂት ነው፣ ነገር ግን እርሾና ስኳር ያለበት ነገር በሙቀት ውስጥ በቆየ ቁጥር አልኮሉ ይጨምራል። ኮምቦልቻ እኔ ከምሠራባት ከደሴ ይልቅ ሞቃት መሆኗን እያሰቡ የሰነበተ ቀሪቦ አይጠጡ፤ ቀኑን ከመቁጠር ይልቅ ጨርሶ ቢቀር የተሻለ ነው እላለሁ።

እዚህ ላይ ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ ሌሎች እናቶች አንድ ማስጠንቀቂያ ማስገባት ግዴታዬ ነው። እርስዎ አልፎ አልፎ የሚጠጡ ስለሆኑ በአንድ ቀን ማቆምዎ አደጋ የለውም። በየቀኑ ብዙ አረቄ ወይም ቢራ የምትጠጣ፣ ጠዋት ሳትጠጣ እጅዋ የሚንቀጠቀጥ ነፍሰ ጡር ግን ቤቷ ሆና ድንገት ማቆም የለባትም፤ ካቆመች በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ ሊመጣባት ይችላል፤ ይህም እርሷንም ጽንሱንም ለሞት ሊዳርግ ይችላል። እንዲህ ያለች እናት መጠጡን የምታቆመው ሆስፒታል ተኝታ፣ በመድኃኒትና በቫይታሚን እየታገዘች ነው።

ሲጋራው ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የሚጎዳው፤ ስለዚህ ማቆምም በሌላ መንገድ ነው የሚክሰው። በጭሱ ውስጥ ካሉት በሺህ ከሚቆጠሩ ነገሮች መካከል ለጽንስ ዕድገት ሁለቱን ማወቅ ይበቃል። አንደኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ይህ ጋዝ በቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ኦክስጅን ሊጫንበት የሚገባውን ቦታ ይወስዳል። የጽንስ ሄሞግሎቢን ደግሞ ከእናቱ የበለጠ ይይዘዋል፤ በመሆኑም በልጁ ደም ውስጥ ያለው መጠን ከእናቱ ደም ይበልጣል። ሁለተኛው ኒኮቲን ነው፤ ወደ ማሕፀንና ወደ እንግዴ ልጅ የሚሄዱትን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ ራሱም ወደ ጽንሱ ይገባል። አንዱ ደሙ የሚሸከመውን ኦክስጅን ሲቀንስ ሌላው የሚደርሰውን ደም ይቀንሳል። በዚህ የተነሣ በእርግዝናዋ ሁሉ የምታጨስ እናት የምትወልደው ልጅ በአማካይ 200 ግራም ገደማ ቀሎ ይወለዳል፤ ያለ ጊዜው የመወለድ፣ እንግዴ ልጁ ከምጥ በፊት ተላቅቆ የመድማት፣ ሞቶ የመወለድና ከተወለደ በኋላ በእንቅልፉ ድንገት የመሞት ዕድሉም ይጨምራል። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ከቆላ ይልቅ በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያነሰ ነው፤ ከፍታ ብቻውን የልጅን ክብደት በጥቂቱ እንደሚቀንስ ይታወቃል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ የሚጨመር ጭስ ቀድሞም ካልተትረፈረፈ ነገር ላይ የሚቀንስ ነው። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለች ስለሆነች በዚህ ረገድ ትሻላለች።

ከአልኮሉ በተለየ ግን፣ የጭሱ ዋነኛ ጉዳት ዕድገትን ማጓደል ስለሆነና የጽንስ ክብደት የሚጨምረው በአብዛኛው ከስድስተኛው ወር በኋላ ስለሆነ፣ በጊዜ ያቆመች እናት የጎደለውን ማካካስ ትችላለች። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ራሱ በደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በእረፍት ላይ ባለ ሰው ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ግማሹ ይወጣል፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ጨርሶ ሊባል በሚችል ሁኔታ ይጸዳል። እርስዎ የካቲት 12 ቀን ካቆሙ፣ የካቲት 14 ቀን የልጅዎ ደም ከእርስዎ ሲጋራ በመጣው ጋዝ አልተያዘም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ ከ2,500 በላይ ሴቶች የተከታተለ ጥናት ያገኘውን ደግሞ በተለይ ለእርስዎ ልንገርዎት፤ 15ኛው ሳምንት ሳይደርስ ያቆሙት ያለ ጊዜው በመውለድም ሆነ ከዕድሜው በታች የሆነ ትንሽ ልጅ በመውለድ ጨርሶ ካላጨሱት ጋር እኩል ሆነው ተገኝተዋል፤ ከዚያ በኋላም ያጨሱት ግን በሁለቱም ብሰዋል። የእርስዎ 15ኛ ሳምንት የሚሞላው ሚያዝያ 5 ቀን ነው። ያቆሙት ከዚያ ቀን ከሰባት ሳምንት በላይ ቀድመው በ8ኛው ሳምንት አጋማሽ ነው፤ ያጨሱ የነበረውም በመጠኑ ጥቂት ነበር። ስለ ልጅዎ ክብደት በእርስዎ ሲጋራ ምክንያት እንዲጨነቁ የሚያደርግ ነገር አላይም።

ከ15ኛው ሳምንት ያለፉ እናቶች ይህን አንብበው ተስፋ እንዳይቆርጡ፣ በሰባተኛው ወር ያቆመችም ቢሆን ካላቆመችው የተሻለ ክብደት ያለው ልጅ እንደምትወልድ ማከል እፈልጋለሁ። መቀነስ ግን እንደ ማቆም አይቆጠርም። ከዐሥር ወደ አምስት የወረደ አጫሽ ሰውነቱ የለመደውን ኒኮቲን ለማግኘት አምስቱን በጥልቀትና እስከ መጨረሻቸው ድረስ ስለሚስባቸው፣ የሚገባው ጋዝ በግማሽ አይቀንስም።

እንግዲህ ወደ ባለቤትዎ ሲጋራ እንምጣ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ለእርሳቸውም ያንብቡላቸው። በእኛ አገር የሚያጨሱ ሴቶች ጥቂት ናቸው፤ በክትትል ክፍላችን ከምናያቸው ነፍሰ ጡሮች ጭስ የሚደርስባቸው አብዛኞቹ ራሳቸው አጭሰው አያውቁም። አንድ ሲጋራ ሲጨስ ክፍሉን የሚሞላው ጭስ የሚበዛው ከአጫሹ አፍ የሚወጣው ሳይሆን በሁለት ሳብታ መካከል ከሲጋራው ጫፍ እየነደደ የሚወጣው ነው፤ ይህ ጭስ በማጣሪያው አያልፍም፤ የሚነደውም በዝቅተኛ ሙቀት ስለሆነ በካርቦን ሞኖክሳይድና በሌሎች መርዞች የበለጸገ ነው። እርግጥ እርስዎ ጋ ሲደርስ በክፍሉ አየር ስለሚቀላቀል ራስን ከማጨስ ጋር አይተካከልም፤ በሌላ ሰው ጭስ ውስጥ የሚኖሩ እናቶች ልጆች በክብደት የሚያጡት በአማካይ 30 እና 40 ግራም ያህል ነው። ይህ በቁጥር ትንሽ ነው፤ በሦስት ኪሎ ልጅ ላይ አይታወቅም። 2,500 ግራም ላይ ባለ ልጅ ግን ዝቅተኛ ክብደት ከሚባለው ወገን ሊያደርገው ይችላል። ከክብደቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሞቶ የመወለድ ዕድሉም በዚሁ ጭስ ምክንያት ከፍ ማለቱ ነው፤ ዕድሉ በራሱ ዝቅተኛ ቢሆንም በቀላሉ ሊወገድ በሚችል ነገር የሚጨመር አደጋ መሸከም አያስፈልግም።

በር ላይ ቆሞ ማጨስ ችግሩን አይፈታውም። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ በሩ ሲከፈት ውስጡና ውጭው አየር ስለሚቀያየር ጭሱ ተመልሶ ይገባል፤ አጫሹም ሲጋራውን ከጣለ በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች የሚያወጣው ትንፋሽ ጭስ አለበት። መስኮት መክፈት፣ ማራገቢያ ማብራት፣ ዕጣን ማጨስ ሽታውን ያሳንሱ ይሆናል እንጂ መርዙን አያስወግዱም፤ ዕጣንና የቡና ከሰል እንዲያውም በዝግ ክፍል ውስጥ ያንኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምራሉ፣ ስለዚህ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለው ፍም ከሆነ በኋላም በር ከፍተው ቡናዎን ያፍሉ። በደሴ ብርድ ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በርና መስኮት የሚዘጋበት ቤት ብዙ ስለሆነ ቀን የተጨሰው ማታ ይተነፈሳል። ባለቤትዎ ማቆም እስኪችሉ ድረስ የምጠይቃቸው ይህ ነው፤ ከበሩና ከመስኮቱ ቢያንስ ዐሥር ሜትር ርቀው ያጭሱ፤ ለማጨሻ አንድ ጃኬት ይለዩና ውጭ ይተዉት፤ ከመግባታቸው በፊት ጥቂት ደቂቃ ቆይተው እጅና አፋቸውን ይታጠቡ። ጋቢው፣ ብርድ ልብሱ፣ መጋረጃውና ፍራሹ ጭስ ስለሚይዙ የሚታጠበው ይታጠብ፣ የማይታጠበው ፀሐይ ላይ ይዋል።

ትልቁ ጉዳይ ግን የቅዳሜው ጫት ነው። አምስት ስድስት ሰው በአንድ ክፍል ተቀምጦ ለአራትና ለአምስት ሰዓት ሲያጨስ ባለቤትዎ በሳምንት ሙሉ በር ላይ ካጨሱት የበለጠ ጭስ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይገባዎታል። ሺሻው ደግሞ ይብሳል፤ ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጸዳውም፤ ላዩ ላይ የሚነደው ከሰል ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድን በብዛት ያወጣል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መዞር በተሰማዎት ቁጥር ከእርግዝናው ነው ብለው እንዳያልፉት፣ ወዲያው ወጥተው ንጹሕ አየር ይተንፍሱ። እርስዎ ኩሽና ወይም ጎረቤት መቆየትዎ በዚያች ሰዓት ይጠቅማል፤ ማታ የሚተኙት ግን በዚያው ክፍል ነው። ስለዚህ እንግዶቹ ሌላ ቤት ይሰብሰቡ ወይም ጭሱ ከቤቱ ይውጣ፤ ሦስተኛ መፍትሔ የለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ በሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ የግል ቤት ውስጥ ግን የሚያስከብረው ባለቤቱ ነው። በሸማግሌ ወይም በዱዓ አባት ፊት የተነገረ ቃል በወሎ ክብደት እንዳለው ስለማውቅ፣ ባለቤትዎ ለጓደኞቻቸው መናገር ካስቸገራቸው «ሐኪም ከልክሏል» ብለው በእኔ ላይ ያላክኩ።

ባለቤትዎ ራሳቸው ለማቆም ከፈለጉ ጫትንና ሲጋራን ለያይተው ማቆም አስቸጋሪ መሆኑን አስቀድመው ይወቁ፤ ቅጠሉ አፍ ውስጥ በገባ ቁጥር ሲጋራው ይጠራል። የኒኮቲን ጥማት የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበርዳል፤ ስለዚህ ቢያንስ በዚያ አንድ ወር ከመቃሚያው ቦታ መራቅ አለባቸው። ጥማቱ ሲመጣ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ በመሆኑ በዚያች ሰዓት ቆሎ መቆርጠም፣ ውሃ መጠጣት ወይም ወጣ ብሎ መራመድ ያሳልፈዋል። እርስዎም ጥማቱ ቢመለስብዎት መድኃኒት በራስዎ አይጀምሩ፤ ኒኮቲን ያለው ማስቲካም ሆነ ፕላስተር በእርግዝና ጊዜ የሚወሰደው ሐኪም ሲያዝዝ ብቻ ነው።

ከእንግዲህ ያለው የክትትል ጉዳይ ነው። በዚህ ሳምንት ወደሚቀርብዎ ጤና ጣቢያ ሄደው ክትትል ይጀምሩ፤ የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒንዎን በየቀኑ ይውሰዱ፤ አልኮል ሰውነት ፎሌትን እንዳይጠቀምበት ስለሚያውክ ይህ ለእርስዎ ከሌላው የበለጠ ያስፈልጋል። የመጠጡንና የሲጋራውን ነገር ለአዋላጇ ሳይደብቁ፣ ለእኔ እንደጻፉት በቀንና በመጠን ይንገሯት፣ ካርድዎ ላይም ይጻፍ። ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ማለትም ከሚያዝያ 26 እስከ ግንቦት 24፣ ሙሉ የአካል አልትራሳውንድ ይታዩ፤ የልብ፣ የኅብለ ሰረሰር፣ የከንፈርና የእጅ እግር ጉድለት ካለ ይታያል። ይህ ምርመራ ግን የአንጎልን አሠራር አያሳይም፤ «ሁሉም ደኅና ነው» ቢባሉ ደስ ይበልዎ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ትኩረት ግን ያኔ ማንም ሊነግርዎት አይችልም። ከሰባተኛው ወር ጀምሮ የሆድዎ ከፍታ በየክትትሉ ይለካ፤ ዕድገቱ ወደ ኋላ ከቀረ ጭሱ ከቤት አልወጣ ይሆናልና እንደገና እንጠይቃለን። ደም ከፈሰሰዎት፣ ሆድዎ ሳይፈታ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ደሴ ሆስፒታል ይምጡ።

ልጅዎ ሲወለድ የየካቲት 1 ቀኑ መጠጥ የተጻፈበትን ካርድ ለሕፃናት ሐኪሙ ያሳዩ። ክብደቱ፣ ቁመቱና የራሱ ዙሪያ ይለካል፤ በክትባት በመጣ ቁጥር መቀመጡ፣ መራመዱና መናገሩ በጊዜው መሆኑ ይታያል። አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላው ትኩረት የሚያጣ ወይም የሚረሳ ሆኖ ካገኙት ቅጣትን ሳይሆን ምርመራን ያስቀድሙ፤ ቀደም ብሎ የታወቀ ልጅ በመምህሩና በቤተሰቡ እገዛ ብዙ ይሻሻላል፤ ካርዱ ላይ ያለው ያ ቀንም ሐኪሙ ከየት መጀመር እንዳለበት ይነግረዋል።